ሙሽራዋ ጥርሷ ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩ በዓመቱ ቆቦ ውስጥ ሙሽሮችን በሚያስውብ የውበት ሳሎን ተቀጠርኩ። ደንበኛ ፊት ቆሜ ማውራት ስለሚጨንቀኝ የሳሎኑ ባለቤት በቴሌግራም የሚላኩ ፎቶዎችን እንዳይ መደበችኝ። «አንቺን ከሰው ጋር ማስቀመጥ ኃጢአት ነው፤ ከስልኩ ጋር ተቀመጪ» አለችኝ። ደስ አለኝ።

ሥራዬ የሙሽራዋን አንደርቶን፣ ማለትም ቆዳዋ ከሥሩ የሚያደላበትን ቀለም፣ መለየት ነበር። ሁለት ሴቶች እኩል ጠይም ሆነው የአንዷ ቆዳ ከሥሩ ወደ ወርቃማ፣ የሌላዋ ወደ ቀላ ያለ ሐምራዊ ያደላል። ወርቃማዋን ለቀላዋ የሚሆነውን የፊት መቀቢያ፣ ፋውንዴሽን፣ ከቀቧት ፊቷ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

አንድ ሐሙስ የሳሎኑ ባለቤት ዕቃ ልትገዛ ደሴ ሄዳ ሳለ ደወለች። እሑድ ለምታገባ የሮቢት ከተማ ልጅ ለጠይምነቷ ልክ የሚሆነው ፋውንዴሽን፣ ወርቃማውም ቀላውም፣ ሳሎን ውስጥ አልቆብናል። «እዚህ ሁለቱም አለ፤ ሰባት ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ እገባለሁ። ወርቃማው ይሁን ቀላው?» አለችኝ።

ሙሽራዋ ደግሞ አስቀድማ ጽፋልኛለች። «እንደ እህቴ አመድ እንዳታስመስሉኝ። አክስቴ የሠርጓን አልበም ባየች ቁጥር ‹ያኔ ወባ ይዟት ነበር› ትላለች።»

የመጀመሪያው ፎቶ ለሠርጉ በተተከለው ሰማያዊ ሸራ ሥር የተነሳ ነበር። ልጅቷ ከውኃ የወጣች መሰለች። ሁለተኛው ቤት ውስጥ በቢጫ አምፖል ሥር ነው፤ እዚያ ላይ እርድ የተቀባች ትመስላለች። አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ ቢጫ፣ ሁለቱም እሷ። ስለዚህ «ከሸራው ራቅ ብለሽ፣ ደጅ ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ነገር ፊትሽ አጠገብ ይዘሽ ተነሺ» ብዬ ጻፍኩላት።

ሦስተኛው ፎቶ መጣ። የአባቷን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። በፎቶ ማስተካከያው ጋቢውን ነካሁት፤ እንዲህ ሲደረግ መተግበሪያው የተነካውን ነጭ ብሎ ይቀበልና የቀረውን ቀለም ሁሉ በዚያ ልክ ያዛውራል። ፊቷ ወዲያው ቀላ፣ ሐምራዊም ሆነ። «ቀላው» ብዬ ጽፌ ልልክ ስል ፈገግታዋን አየሁት። ጥርሷ ሰማያዊ ነው። የዓይኗ ነጭም እንደዚያው።

የማንም ጥርስ ሰማያዊ አይደለም። እንግዲያው ነጭ ያልሆነው ጋቢው ነው። መተግበሪያው የጋቢውን ቢጫነት ሊያጠፋ ሲል ሁሉም ላይ ሰማያዊ ጨምሯል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መልእክት ብልክ መልስ የለም። መደወል ግድ ሆነ። ያነሱት አባትየው ናቸው።

«አባባ፣ ከሳሎኑ ነው። እ... ጋቢው ነጭ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ?»

«ማለቴ... በጣም ነጭ ነው?»

«ትናንት ነው እኮ የታጠበው!»

«ንጹሕ ነው አባባ፣ ንጽሕናውን አልተጠራጠርኩም። ግን ትንሽ... ወደ ቅቤ...»

«ሰማችሁ? ጋቢህ ቅቤ ነው አለችኝ!»

ከኋላ የሴቶች ሳቅ ፈነዳ። የሙሽራዋ እናት ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ተሰማኝ። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስነግርህ አልሰማህም! ከቆቦ ተደውሎ እስኪነገርህ ነው የጠበቅኸው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ስልኩን ዘግቼ እደበቅ ነበር፤ ግን ሰዓቱ አላስቻለኝም። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ሙሽራዋን ያገናኙኝ» አልኩ።

ከጋቢው የነጣ ነገር እንድትይዝ ስነግራት ሙሽራዋ የሠርግ ጥሪ ካርድ ልያዝ አለችኝ። እሱም ክሬም ነው። በመጨረሻ ግቢያቸው ተከራይተው ከሚኖሩት አስተማሪ ለፈተና ማባዣ የሚሆን አንድ ንጹሕ ወረቀት ተገኘ።

አራተኛው ፎቶ ላይ ወረቀቱን ጉንጯ ላይ ለጥፋ፣ እንደ ተከሳሽ ቀጥ ብላ ቆማለች። ወረቀቱን ነካሁ። ጥርሷ ጥርስ ሆነ። ከመንጋጋዋ በታች ያለው ቆዳ ጥርት ያለ ወርቃማ ነው።

«ወርቃማው» ብዬ ለሳሎኑ ባለቤት ላክሁ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።» ሁሌ የማስከትለውን «ይመስለኛል» አጠፋሁት።

ቅዳሜ ሙሽራዋ ከእናቷና ከእህቷ ጋር መጣች። ፎቶን ሙሉ በሙሉ ማመን ስለማይገባ ደጃፍ ላይ ጥላ ውስጥ አስቀምጬ መንጋጋዋ ላይ ሁለት መስመር አሰመርኩ፤ አንዱን ከአዲሱ፣ አንዱን ለማነጻጸር ካለቀው ጠርሙስ ጠርዝ ከጠረግሁት ከቀላው። ቀላው እንደ አመድ ተጋድሞ ቀረ። አዲሱን ሳዳርሰው ጠፋ።

እናትየው ጎንበስ ብለው ፈለጉት። «የታለ?»

«ይኸው፣ እዚህ ነው እማማ።»

«ምንም አይታየኝም! የማይታይ ነገር ነው እንዴ ከደሴ ድረስ ያስመጣችሁት? ጉንጯ ላይ እንኳ ትንሽ ይታይ እንጂ፤ ሰው ተቀብታለች ይበል!»

«እንዳይታይ ነው የተገዛው» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ።

ሙሽራዋ መስታወቱን ይዛ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዞረች፣ አንገቷንና ፊቷን ደጋግማ አስተያየች። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ለእህቷ ቦታ ለቀቀች። ባለ አልበሟ እህትየው ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ከአንገቷ ገለጥ አደረገችና መንጋጋዋን ወደ ብርሃኑ ሰጠችኝ።