የዘጠና ቆርቆሮ ክሬዲት ኖት

ስህተቱ የኔ ነበር፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ፣ የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል የመንግሥት ድርጅት ቅርንጫፍ የፋክቱር፣ ማለትም የሽያጭ ሰነድ፣ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን መቂ አካባቢ ላለ የገበሬዎች ማኅበር በዱቤ የተሸጠውን መቶ ሃያ ቆርቆሮ ሁለት መቶ አሥር ብዬ ጻፍኩት። የአንዱ ዋጋ አሥራ አራት ብር ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ሳያነብ ፈረመ። ሹመቱን ያገኘው ከካድሬ ትምህርት ቤት እንጂ ከመጋዘን ስላልሆነ፣ ማንበብ የሚወደው የራሱን ንግግር ብቻ ነበር።

ወሩ ሲዘጋ ቅርንጫፉ ከዕቅዱ በላይ ሸጠ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን ለአንድ ሰዓት ተኩል ስለ ድሉ ተናገረ። እኔም ከሁሉ በላይ አጨበጨብኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የማኅበሩ ሊቀመንበር መጡ። ረጅም፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጂርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና ፋክቱሩንና የመጋዘናችንን የዕቃ ማስረከቢያ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉት። አንዱ ሁለት መቶ አሥር ይላል፣ ሌላው መቶ ሃያ። ፋክቱሩ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የኔ ነበር።

ወረቀቶቹን ይዤ ከሽማግሌው ጋር ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ።

«ምን ችግር አለው?» አለ። «ዘጠናውን ጨምረው ይውሰዱና ሒሳቡን ይክፈሉ።»

«የምንሠራው አንድ የእህል ጎተራ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ዘጠናውን የት እንክደነው?»

መጋዘን ውስጥም አንድ ቆርቆሮ እንዳልቀረ ስነግረው ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲያው ቅደጂውና በሌላ ወረቀት ጻፊው፣ ጓዲት። እንዳልነበረ ይሆናል።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቀድደው ነበር። የፋክቱሩን ጥራዝ ላመጣ ስሄድ ግን ሒሳብ ሹማችን እጄን ያዙኝ። ከሁላችንም በፊት እዚያ ቤት የተቀጠሩ፣ ከመንግሥት ይልቅ የፋክቱር ቁጥር የሚያከብሩ ሰው ነበሩ።

«ዋናው በገዢው እጅ ነው፤ አንዱ ቅጂ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል፤ ሌላው ጥራዙ ላይ አለ» አሉኝ። «የትኛውን ነው የምትቀድጂው? ቁጥሩ ታትሞ የመጣ ነው። አንድ ቁጥር ከጎደለ ሌባ ነሽ። ፋክቱሩ እንዳለ ይቀመጥ፤ የበዛውን የሚቀንስ ክሬዲት ኖት ይቆረጥለት።»

ከመሳቢያቸው ሥር አቧራ የጠጣ ጥራዝ አወጡ። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም ነበር፤ በኛ ቤት ስህተት ሁሉ ይቀደድ ነበርና። ካርቦን አስገብቼ ጻፍኩ፦ የዕለቱን ቀን፣ የማኅበሩን ስም፣ የሚታረመውን ፋክቱር ቁጥርና ቀን፣ ምክንያቱን «በብዛት ላይ የተፈጸመ የአጻጻፍ ስህተት»፣ ከዚያም ዘጠና ቆርቆሮ በአሥራ አራት ብር፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ብር። ከሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባው ላይ ይህ ሲቀነስ የማኅበሩ ዕዳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ይሆናል። እያንዳንዷን አኃዝ ሦስት ጊዜ አየኋት።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አነሳው። «ክሬዲት? ይህ የቡርዧ ቃል አይደለም?»

«ፋክቱርም የፈረንጅ ነው፣ ጓድ» አሉ ሒሳብ ሹሙ። «ሲፈርሙበት ግን ምንም አላሉም።»

«ሽያጩን እኮ ይቀንሳል! ዕቅዳችንስ?»

«አዎ፣ ይቀንሳል። ካልፈረሙ ደግሞ ኦዲተር ይመጣል። ሁለት መቶ አሥር ተሸጠ የሚል ፋክቱር፣ መቶ ሃያ ወጣ የሚል ማስረከቢያ ያገኛል። ዘጠናው የት ገባ ሲል ፊርማው የማን ነው?»

ሥራ አስኪያጁ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ጋሪዎች አቧራውን እያቦነኑ ያልፋሉ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «የላክነው ያለፈው ወር ሪፖርት ይነካል?» ብሎ ጠየቀ።

«አይነካም። ቅናሹ የሚመዘገበው በዚህ ወር ነው።»

ድሉ እንዳልተነካ ሲያውቅ ፊቱ በራ። ብዕሩን እስኪያገኝ ድረስ ኪሱን ሁሉ ፈተሸ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙንም ራሱ መታ። እንደ ልማዱ አላነበበውም።

ዋናውን ለሽማግሌው ሰጠሁ። እሳቸው ግን አነበቡት። ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ፣ የፋክቱሩን ቁጥር ከፋክቱሩ ጋር አመሳክረው፣ ሁለቱን በአንድ አጠፏቸው። «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። «ስህተትሽን አለመደበቅሽ ጥሩ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዘጠና ቆርቆሮ የሚሳሳት ሰው ከብት አናስጠብቀውም።» ስቀው ወጡ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

በወሩ መጨረሻ ሽያጫችን ከዕቅዱ በታች ሆነ። ስብሰባ ተጠርቶ በሠራተኛው ፊት ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ቆሜ፣ የተጻፈን ቁጥር ሳላጣራ ለፊርማ ማቅረቤን ተናዘዝኩ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን እየነቀነቀ «ጓዶች፣ ከማጣራት ጉድለት እንጠንቀቅ» አለ። ካጠገቤ የተቀመጡት ሒሳብ ሹም በመሐረብ አፋቸውን ሸፍነው ሳቃቸውን በሳል ደበቁት።