ከቀሚሱ ፎቶ ሥር

አሰለፈችን የማውቃት ጅዳ፣ ኑዝላ ውስጥ ስድስት ሴቶች ሆነን በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ሁለታችንም ሰው ቤት እየዞርን እናጸዳለን። እኔ ሩቂያ፣ የወሎ ልጅ፣ አፌ አያርፍም። እሷ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ቁጥብ። የእኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ገና አላለፈበትም፤ እሷ ግን ከአሠሪዋ ቤት ከጠፋች ወዲህ ወረቀት የላትም። ድካሙ ግን እኩል ነበር።

አሰለፈች አገሯ ሳለች ልብስ ሰፊ ነበረች። ምኞቷም ስትመለስ የምትገባበት ስፌት ቤት ማግኘት ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሰው አገር ከርማ እናቷ ላይ መውደቅ ያሳፍራታል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የምታሰፋ እየሩሳሌም የምትባል ሴት ከፌስቡክ ላይ መረጠች።

እኔ ብሆን በዕለቱ «ሰላም እህቴ፣ ሥራ ይኖር ይሆን?» ብዬ እልካለሁ። ልኬም አውቃለሁ፣ ለአሥራ ሰባት ሱቅ። አንዳቸውም አልከፈቱትም። አሰለፈች ግን መልእክት የሚባል ነገር አትልክም። ከሥራ ስንገባ ያበጠ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ የሴትዮዋን ፎቶ አጉልታ ታያለች፤ ከዚያ ከሥሩ ትጽፋለች። ሌላው ሰው «ዋው» ብሎ አበባ ሲደረድር እሷ እጅጌው ለምን እንዳማረ ትናገራለች። የምትለው ከሌላት ዝም ነው።

«ምን ያደክምሻል? ላይክ አድርጊና ተኚ» እላታለሁ።

«እንድትለምደኝ ነው።»

«ጻፊላትና ትልመድሽ!»

«የማላውቀው ሰው ቢጽፍልኝ እኔስ እመልሳለሁ?»

ሁለት ወር ሙሉ መልስ አልነበረም። እኔም አላገጥኩባት። አንድ ቀን እየሩሳሌም የቀሚስ ጫፍ ፎቶ ለጥፋ፣ ሲታጠብ ጥለቱ ለምን እንደሚጨማደድ ጠየቀች። አሰለፈች «ጨርቁና ጥለቱ ሲታጠቡ እኩል ስለማይሰበሰቡ ነው። ከመስፋትሽ በፊት ሁለቱንም ለየብቻ ነክረሽ አድርቂያቸው» ብላ ጻፈች። ከሳምንት በኋላ «ሞክሬው ሠራልኝ፣ አሰለፉ» የሚል መጣላት። ስልኩን ሦስት ጊዜ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ደንበኛ ባስቸገራት ቁጥር «አሰለፈች፣ ምን ትያለሽ?» ማለት ጀመረች።

«ያላ፣ አሁን ጻፊላት!» አልኳት።

«ትንሽ ይቆይ። አሁን ሥራ ብላት፣ እስከዛሬ ያለችኝ ሁሉ ለዚህ ነበር እንዴ ትላለች።»

«ለዚህ አይደል እንዴ?»

ስልኳን ደረቷ ላይ አስቀምጣ «መጀመሪያ ለዚህ ነበር» አለችኝ።

መጻፍ በጀመረች በስምንተኛው ወር፣ ሐጃጆች ከመግባታቸው በፊት ሕንፃ ላጸዳ መካ፣ ዓዚዚያ ሄድኩ። አሰለፈች ክርስቲያን ናት፤ መካ አትገባም፤ ኑዝላ ቀረች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የክፍላችን ልጅ አበበች ደወለችልኝ። አሰለፈች በአሰሳ ተይዛ ሹመይሲ እስር ቤት ገብታለች። ስልኳም ተወስዷል፤ አውሮፕላን እስኪገኝ ጠብቀው ወደ አገሯ ሊሰዷት ነው።

አምስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ከባልዲዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አዘንኩላት፣ ተናደድኩባትም። ስምንት ወር ሙሉ አስተያየት ስትጽፍ ከርማ አንዲት መስመር መላክ ያቅታት? ለእየሩሳሌም እኔው ጻፍኩላት። የማይታወቅ ሰው መልእክት ለብቻው ነው የሚከማቸው፤ እስከ ማግስቱ አልተከፈተም።

ተስፋ ቆርጬ የመጨረሻውን ፎቶዋን ከፈትኩ። ከሥሩ ራሷ እየሩሳሌም እንዲህ ብላለች፦ «አሰለፈች፣ ሰሞኑን ጠፋሽብን፤ ደህና ነሽ?» ሁለት ደንበኞችም እንደሷው ጠይቀዋል። አሰለፈችን በመልክ የማያውቃት ሰው ሁሉ ይፈልጋታል።

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ በሕይወቴ የመጀመሪያዬን አስተያየት ጻፍኩ፦ «ጓደኛዋ ነኝ። መልእክት ልኬልሻለሁ፤ እባክሽ እዪው።»

ብዙም ሳይቆይ ከፈተችው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «ሥራ ልትጠይቅሽ ነበር፤ አፍራ ነው» አልኳት።

«ወይኔ!» አለች። «እኔ እኮ እዚያ የራሷ ስፌት ቤት ያላት መስሎኝ ነበር። እንደሷ ዓይነት ሰው ስፈልግ ከርሜ፣ ነይ ለማለት አፈርኩ።»

ያ ረቢ! አንዷ እዚህ ስታፍር፣ አንዷ እዚያ ስታፍር! መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ባልዲዬን አንስቼ ስድስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ሦስት ቀን ስለ አሰለፈች የሰማ አልነበረም። እኔም በየዕረፍቱ ያችን ገጽ እየከፈትኩ አያለሁ፤ ስለ ቀሚስ የማውቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም። በሃያ አራተኛው ቀን እየሩሳሌም አዲስ ቀሚስ ለጥፋ ነበር። ከሥሩ አሰለፈች፣ አገሯ ገብታ በእህቷ ስልክ ይሁን በማን አላውቅም፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ጽፋለች፦

«የአንገቱ ስፌት ጠብቋል፤ ተፈቶ እንደገና ይሰፋ።»

እየሩሳሌም መለሰችላት፦

«ነይና ራስሽ ፍቺው። ወንበርሽን አስቀምጬልሻለሁ።»