ጉዳዩ፦ የሕፃን አምሀ እንቅልፍ

እሌኒ ቡታጅራ ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ቁጥርና ቀን የሌለው ወረቀት በእጇ አልፎ አያውቅም። ስለዚህ የስምንት ወር ልጇ አምሀ ሌሊት ሌሊት እየነቃ መከራዋን ሲያበላት ለሕፃናት ሐኪሙ ለዶክተር አብዱልሃፊዝ ደብዳቤ መጻፏ የሚያውቋትን አያስገርምም። ባለፈው ጊዜ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ ልትናገር ያሰበችው ሁሉ ጠፍቶባት፣ ስለ ልጁ የቆዳ ሽፍታ ብቻ ጠይቃ ወጥታ ነበር። ወረቀት ግን አይረሳም።

«ጉዳዩ፦ የሕፃን አምሀ ሀብተጊዮርጊስን ተደጋጋሚ የሌሊት መንቃት ይመለከታል» ብላ ጀመረች። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከምጡ ተነሥታ ሁለት ገጽ ሞላች። መጨረሻው ላይ ግን የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ጠፍታ እናት ብቻ ቀረች፦ «ዶክተር፣ የሚያመው ነገር ካለ እባክዎ አይደብቁኝ። በሦስት ወሩ ትቼው ሥራ በመግባቴ ይሆን? አማቴ ቅዳሜ ወደ አገራቸው ወደ አረቅጥ ሊወስዱት ነው።» ወዲያው ራሷን ሰብስባ ግልባጩን ለባሏና ለአማቷ አደረገች። የአሥራ አራት ሌሊት መዝገቧንም ገልብጣ በአባሪነት አያያዘች።

አማቷ ቀን ቀን ልጁን ሊይዙላት ከአረቅጥ የመጡ ናቸው። «ቀኑን ሙሉ ውጭ የዋለች ሴት ጡት ይበላሻል፤ ልጁም የሚነቃው ለዚሁ ነው» ብለው ቆርጠዋል። መድኃኒቱ ጡት አስጥሎ የአረቅጥ ላም ወተት ማጠጣት ነው። ባሏ ሀብተጊዮርጊስ በሚስቱና በእናቱ መካከል ሲሆን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ «ሐኪሙ ይወስን» ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት እሌኒና አማቷ አምሀን ይዘው ሐኪሙ ክፍል ገቡ። ዶክተሩ አምሀን መዘነው፤ ስምንት ኪሎ ተኩል። ጆሮውን አየ፣ ጉሮሮውን አየ፣ ደረቱን አዳመጠ። ትኩሳት፣ ሳል፣ ማንኮራፋት እንዳለው ጠየቀ፤ የለም። ምን እንደሚበላ ጠየቀ።

«ገንፎ፣ እንቁላል፣ ድንች። ሁሉንም በእጄ ነው የማበላው» አሉ አማቷ።

ከዚያ ደብዳቤውን አነበበ። መዝገቡ ላይ ሲደርስ አንዱን መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ «ከሌሊቱ 8፡12፣ ተንቀሳቀሰ። የተወሰደ እርምጃ፦ ባትሪ በርቶ ታየ። ውጤት፦ ነቃ።»

«ትክክል ነው» አለች እሌኒ፣ በሥራዋ እየኮራች።

«9፡40፣ ቃተተ። እርምጃ፦ ባትሪ በርቶ ታየ፤ ከአልጋው እንዲነሣ ተደረገ። ውጤት፦ ነቃ፣ አለቀሰ።» ገጹን ገለበጠ። «ወይዘሮ እሌኒ፣ መመዝገብ የጀመርሽ ዕለት አራት ጊዜ ነቃ። በአሥራ አራተኛው ሌሊት ዘጠኝ ጊዜ።»

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት!»

«ልጅ ተኝቶም ይገላበጣል፣ ያቃስታል፣ ዓይኑንም ሊገልጥ ይችላል። ዝም ሲሉት ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይተኛል። አንቺ ግን ለመመዝገብ ስትይ በባትሪ ቀሰቀሽው።»

እሌኒ ፊቷ ቀላ። አሥራ አንድ ዓመት ስህተት ያልተገኘበት እጇ የገዛ ልጇን እንቅልፍ ሲነሣ ከርሟል።

«ሕመም የለበትም» አለ ዶክተሩ ለስለስ ብሎ። «በዚህ ዕድሜ እናት ከዓይኑ ስትሰወር ይጨነቃል፤ ስለዚህ ነቅቶ ይፈልግሻል። ከሥራ ስትመለሺ አጫውቺው። ማታ ማታ በአንድ ሰዓት እጠቢው፣ አጥቢው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፣ ገና ሳይወስደው፣ በጀርባው አስተኚው። ሲንቀሳቀስ ጥቂት ጠብቂ፤ ካለቀሰ በጨለማው ቸብ ቸብ አድርጊው፣ ከራበው አጥቢው። በአንድ ሌሊት አይስተካከልም። ካተኮሰው ወይም መጥባት እንቢ ካለ ግን ሳትዘገዪ አምጪው። እማማ፣ ጡቷ ደግሞ አይበላሽም። ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት የእናቱን አይተካለትም፤ ከእሷ መለየትም ይብስበታል።»

አማቷ ወደ እሌኒ ዞረው፣ «እኔንም በደብዳቤ ከሰሽኝ በይ?» አሉ።

«እማዬ፣ ግልባጭ ሰጥቼዎታለሁ» አለች እሌኒ።

ቅዳሜ ዕለት አሮጊቷ ቦርሳቸውን አነሡ። እሌኒ ልጇን ሊወስዱባት መስሏት ብድግ አለች። እሳቸው ግን ከልጁ ትራስጌ ባትሪውንና መዝገቡን አንሥተው ከተቱ። «ወደ አረቅጥ የሚሄደውስ ይኼ ነው። ሰኞ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሌሊት አምሀ እስኪነጋ ለጥ ብሎ አደረ። እናቱ ግን ዓይኗን አልከደነችም፤ በጨለማው እስትንፋሱን ስታዳምጥ ነጋባት። ቀን ቀን ስለምታጣው፣ ሌሊት ነቅቶ መጥራቱን ወዳው ኖሯል። መሥሪያ ቤት ገብታ የደብዳቤዋን ቀሪ ግልባጭ ከማኅደሩ አወጣችና ከጀርባው ጻፈች፦ «ዛሬ ሌሊት አልጠራኝም።» ቀን ጻፈችበት፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ከዚያም ማንም ሳያያት አለቀሰች።