በአማርኛ የተባለው

«አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጅ፣ በአማርኛ ወረቀት ላይ ‹በአማርኛ አለ› ብላ ትጽፋለች?» አለኝ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ወረቀቴን ፊቴ ላይ እያወዛወዘ። «ሌላውስ በምንድን ነው የተጻፈው፣ በዓረብኛ?»

በደርግ ጊዜ ሰቆጣ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ በታጣ ቁጥር እጠራ ነበር። ምስክሩ በአገውኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። መዝገቡ ሌላ ቋንቋ አያውቅም።

የዚያን ቀን ጉዳዩ የአንዲት ባልቴት ማሳ ነበር። ጎረቤቷ የወንዝ ዳሩን ማሳዋን በጭንጫ መሬቴ ለውጣልኛለች ይላል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ልውውጡን የመዘገበው እሷ ባለችበት ነው። እሷ ግን አልለወጥኩም ትላለች።

ምስክሩ በምዝገባው ቀን አብረው የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። የሆነውን እንደተባለው ነገሩኝ። ጎረቤቷ በአገውኛ «በሬዎቼን ልላክልሽ፣ ይረሱልሽ?» አላት፤ እሷም በአገውኛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ በአማርኛ «ማሳ ለውጠናል፣ ተስማምታለች» አለ። እሷ ዝም አለች። አማርኛ አትሰማም።

ሽማግሌው ሲነግሩኝ፣ ለሊቀመንበሩ የተባለው ላይ ሲደርሱ እሳቸውም ከአገውኛ ወደ አማርኛ ተሻገሩ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝና ሁሉንም ባማረ አማርኛ አንድ ወጥ አደረግሁት። ውሃ ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ነው፤ ያቺ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የት እንደገባች አይታወቅም። ጽሑፉን በአገውኛ መልሼ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ ቃል አይደለም።»

«አባቴ፣ ምን ጎደለ?»

«የጎደለ የለም። ግን እሷ የሰማች አስመሰልሽው።»

በራሴ ተናደድኩ። እንደገና ጻፍኩት፣ በየንግግሩ ፊት «በአገውኛ» «በአማርኛ» እያልኩ። ጸሐፊው ያወዛወዘብኝ ይህንን ነው። የመጀመሪያውን ቀድሞ በታይፕ አስመትቶት ኖሯል።

«ይሄኛው ንጹሕ ነው» አለኝ፣ መዝገቡ ውስጥ ያኖረውን እያሳየኝ። «ፈርሚበት።»

«ጋሼ፣ ካልተለየ ዝምታዋ እሺታ ይሆናል። ማሳዋ ሄደ ማለት ነው።»

«ዝምታ ዝምታ ነው። በየትኛው ቋንቋ ዝም አለች ልትዪ ነው ደግሞ?»

«እርስዎ ፊት አንዱ በአገውኛ ‹ቤቱን ሰጥቶኛል› ቢል ምን ይላሉ?»

«እኔ አገውኛ መቼ እሰማለሁ?»

«እኮ።»

ወረቀቴን አስቀምጦ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለልኝ። «ያለ አስተርጓሚ ፊርማ ቃሉ አይጸናም፣ ጊዜዬን አታቃጥዪ።» ከሽማግሌው ጋር አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ባልቴት ጸሐፊው ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፤ በአገውኛ ነገርኳት። ሽማግሌው ሰምተው አውራ ጣታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ።

«እኔም በዚያኛው ላይ አላትምም» አሉ፣ ጸሐፊው እንዲገባው በአማርኛ።

ብዕሩን አንስቼ በራሴ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ሽማግሌው ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከሥሬ አተሙ። በታይፕ የተመታውን ከመዝገቡ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ የእኔን ከተትኩና ወጣሁ።