ለአባትና ለልጅ የተደረደሩ ዘፈኖች

ሰፈራችን ውስጥ «ኪቦርድ» ካላችሁ የማያውቃት የለም። በወጣትነቷ በየሰርጉ ኪቦርድ ትጫወት ነበር፤ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ለሾፌሮች ዘፈን በፍላሽ ትጭናለች። ሌላው ዘፈን ጫኝ እንደመጣለት ይገለብጣል። እሷ ግን «ወዴት ነህ? ምሳ የት ትበላለህ?» ሳትል አትጭንም። ሾፌር ምሳ በልቶ ፀሐይ ፊቱ ላይ ስታርፍ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ያንን ሰዓት ቀስ በቀስ እየፈጠኑ በሚሄዱ ዘፈኖች ትሞላዋለች።

«ከመነሻው ለምን ሞቅ አታደርጊውም?» አላት አንድ የጭነት ሾፌር።

«ቁርስም ምሳም እራትም በርበሬ ብቻ ትበላለህ? ሞቅ ያለ በሞቀ ላይ ሲደራረብ ጆሮህ ይደነዝዛል።»

ባለፈው ክረምት ግን ተራው የራሷ ቤት ሆነ። ልጇ ሩቅ ከተማ ነርስነት ልትማር ነው። አባት «እዚህ ትምህርት ቤት ጠፍቶ ነው?» አለ። ልጅ «አንተ እንድራመድ መቼ ትፈልጋለህ!» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጠረጴዛ እየበሉ በእናት በኩል ብቻ ነበር የሚነጋገሩት፤ «ጨው ያቀብለኝ በይው» እስከመባባል ደርሰው ነበር።

የሚያደርሳት ደግሞ እሱ ነው። አልጋዋንና ሻንጣዋን ፒካፑ ላይ ጭኖ ቀኑን ሙሉ ይነዳል። እናት አብራ እንዳትሄድ፣ አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን ለማን ትታ?

«መንገድ ላይ ካልታረቁ ኩርፊያው በርቀት ደርቆ ይቀራል» አለችኝ። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ነኝ። «ምክር አይሰሙኝም። ዘፈን ግን ይሰማሉ።»

መጀመሪያ እኩሌታውን መንገድ የአባት፣ እኩሌታውን የልጅ ዘፈን አደረገችው። መልሳ ስታዳምጠው ሳቋ መጣ። «የሱ ሲዘፈን ልጄ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች፤ የሷ ሲመጣ እሱ ያጠፋዋል።»

ማደባለቅ ነበረባት። የአባት ዘፈኖች ግን ረጋ ያሉ፣ የልጅ የሚዘሉ ናቸው። በእግሯ መሬቱን እየመታች የእያንዳንዱን ምት ለካች። አሮጌ ኪቦርዷን አውጥታም ኪውን ፈለገች፤ ዘፈኑ ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበትን ድምፅ ማለት ነው። ከልጅቷ ረጋ ያሉትን፣ ከአባትየው ፈጠን ያሉትን መረጠች። ምታቸው የተቀራረበውን፣ ኪያቸው አንድ የሆነውን ወይም የሚዛመደውን አጎራበተች፤ በአንዱ ማብቂያ ላይ የሌላውን መጀመሪያ በኮምፒውተር ደረበች። ጠዋት ለስለስ፣ ከምሳ በኋላ ከፍ፣ ወደ መድረሻው ረጋ። የመጨረሻዎቹን ስትደረድር ግን እጇ ቆመ።

«እነዚህ ሲዘፈኑ ልጄ አዲሱን ከተማ እያየች ነው። እኔ ደግሞ እዚህ።»

በሄዱበት ጠዋት ልጅቷ እናቷን አቅፋ አልለቅ አለች። አባት መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ ያይ ነበር። ፒካፑ ማዕዘኑን ሲታጠፍ ኪቦርድ ወደ ሱቋ ገብታ ያንኑ የደረደረችውን ዘፈን ከመጀመሪያው ከፈተችው።

«አሁን ድልድዩን ተሻገሩ» ትላለች። ዘፈን ሲቀየር «ቁልቁለቱን ጀመሩ።» ከምሳ በፊት አንድ ሾፌር መጥቶ ጠረጴዛዋን አንኳኳ።

«ኪቦርድ፣ ፍላሼስ?»

«ቆይ እንጂ፣ ገና ምሳ አልበሉም።»

«እነማን?»

ዘፈኑን ከፍ አደረገችው።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘፈኖቹ መፍጠን ሲጀምሩ፣ ስልኳ ጮኸ።

«እማ! አባዬን ስሚው! ዘፈኑ ከተቀየረ ቆየ፣ እሱ አልሰማም። የኔ ዘፈን ላይ የራሱን አዝማች ይዘፍናል! ደግሞ ገጠመ እኮ!»

ከጀርባ የባሏ ድምፅ ተሰማ። «እኔ ምን አጠፋሁ? ይሄ ዘፋኝሽ የኛን ዜማ ሰርቆ ነው!»

«አባዬ፣ ስትዘፍን ፍየል ነው እኮ የምትመስለው!»

«ያሳደገሽ ይሄው ፍየል ነው!»

ልጅቷ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ኪቦርድ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ለመሆኑ...» አለ አባት። ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚያ ማን ያበስልልሻል?»

የጠየቀው ልጅቷን ራሷን ነው፤ «ጠይቂያት» አላለም።

«ራሴ ነኛ።»

«አንቺ? እንቁላል የምታሳርሪው?»

«አንድ ቀን እኮ ነው ያረረው! እያሳረርኩ እማራለሁ።»

«እንግዲያው ዘይት እንገዛለን ከተማው መግቢያ ላይ። መጥበሻስ ይዘሻል?»

ከመጥበሻ ወደ ብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብስ ወደ መምህራኑ ተሻገሩ። ስልኩ መከፈቱን ረስተውታል። ኪቦርድ በሱቋ የሚዘፈነውን ቀነስ አደረገች። «ሄሎ» አላለችም፤ ድምፅዋን ከሰሙ እንደለመዱት ሁሉንም ወደሷ ያዞሩታል። ስለዚህ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ የማታያቸውን ሁለት ሰዎች ስትሰማ ቆየች።

መቀሴን ይዤ ደጃፏ ላይ ቆምኩ።

«ደረሱ እንዴ?»

«ኔትወርኩ ሄደ» አለች፤ ስልኩን ግን ከጆሮዋ አላወረደችውም።