በስህተት የላክሁት አሥራ አምስት ብር

ቅዳሜ፣ የካቲት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ዳንግላ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሚስቱን በአጠና ቁራጭ ደበደበ። የግራ ክንዷ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረ። የታችኛው መንጋጋዋም ተሰነጠቀ። ሰበብ የሆነው ከእኔ ስልክ ወደ ስልኳ የገባ የአሥራ አምስት ብር ሂሳብ ነው። ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ እንጅባራ ተቀምጬ ለአዲስ አበባ ዜና እልክ ነበር። ከጥሊሊ አለፍ ብሎ አንድ የጭነት መኪና ሚኒባስ ገጭቶ ሰው መሞቱን ሰማሁ። የማውቀው የሚኒባስ ሾፌር በዚያው መንገድ ላይ ስለነበር ደወልሁለት። ፎቶ አንስቷል፤ የሚልክበት ዳታ ግን የለውም፤ ሂሳቡም አልቋል። ካርድ ሻጭ ጋ ለመሄድ ከቦታው መነሳት አለበት፤ ከተነሳ ደግሞ ፖሊስ መልሶ አያስጠጋውም፤ የቀረውን ፎቶ አያነሳም። አዲስ ባወጣው ሲም ብልክለት ከ*999# የቀን ጥቅል ገዝቶ ወዲያው እንደሚሰድልኝ ነገረኝ። ቁጥሩን እየደጋገመ አስጻፈኝ።

ማስታወሻዬ ላይ የጻፍሁት ትክክል ነበር፤ በኋላ አመሳክሬዋለሁ። የተሳሳተው ጣቴ ነው። *806* ብዬ ቁጥሩን አስገባሁ፤ አሁንም ኮከብ፣ 15፣ መሰላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ግን አገላብጫቸዋለሁ። አሥራ አምስት ብር መተላለፉን የሚገልጽ መልእክት መጣልኝ። ብሩን አየሁ፤ የተላከበትን ቁጥር አላነበብሁም።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከሾፌሩ «ደውልልኝ» የሚለው ነጻ መልእክት ገባ። ስደውል፣ «ምን ሆነህ ነው? አስከሬኑን አንስተው ሊጨርሱ ነው፤ ምንም አልገባልኝም» አለኝ። ያኔ መልእክቱን አነበብሁት። ወደ ትክክለኛው ቁጥር ሌላ አሥራ አምስት ብር ላክሁ። ፎቶው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ በቴሌግራም ደረሰኝ። መንገድ ላይ የተጋደሙ ሁለት ሰዎች ይታያሉ፤ አንዱ በነጠላ ተሸፍኗል፤ የሌላው እግር የለም። ዜናውን ከፎቶው ጋር ላክሁ።

ከዚያ በኋላ ወደተሳሳተው ቁጥር ደወልሁ። ደወልሁ ስል ብሩን ለማስመለስ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሴት አነሳች። ማንነቴን ነገርኋት፤ በስህተት መላኬንም ነገርኋት። እሷም አሁን አየሁት፤ ከየት መጣ ብዬ ግራ ገብቶኝ ነው የተቀመጥሁት አለችኝ። የልብስ ስፌት መኪና ከጀርባዋ ይንቀጨቀጫል።

«ጋሼ፣ የሰው ገንዘብ አልፈልግም። እመልስልዎታለሁ፤ አላላኩን ግን አላውቀውም» አለች።

አስተማርኋት። ኮከብ፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ ኮከብ እያልሁ ቁጥሬን አንድ በአንድ አስጻፍኋት። አራት ደቂቃ ያህል ተነጋገርን፤ በመካከሉ ዳንግላ እንዳለች ነገረችኝ። ብዙም ሳይቆይ አሥራ አምስት ብሬ ተመለሰ። እኔም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፤ ታማኝ ሰው ነሽ» ብዬ የጽሑፍ መልእክት ላክሁላት።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ውስጥ የሆነውን የማውቀው እሷ ለፖሊስ ከሰጠችው ቃልና ወንድሟ ከነገረኝ ነው። ባሏ ማታ ማታ ስልኳን ይቀበላታል። *804# ብሎ ቀሪ ሂሳቧን ያያል፤ ጠዋት የተወላትን አስታውሶ ስንት እንዳወራች ያሰላል። ከዚያ መልእክቶቿን ይከፍታል። በዚህ ምክንያት ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መትቷታል፤ አንድ ጊዜ የፊት ጥርሷን አውልቋል። ስለዚህ ከእኔ ጋር ከዚያ ብር በቀር ምንም ነገር ባይኖራትም፣ ቤት እንደገባች ማጥፋት ጀመረች። የጥሪ ዝርዝሩን አጠፋች። የእኔን ምስጋና አጠፋች። ብሩን መመለሷን የሚገልጸውንም አጠፋች። ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው፤ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ነው የሚደመስሰው። የመጀመሪያው፣ ብሩ መግባቱን የሚናገረው ሲቀራት ባሏ በሩን ገፍቶ ገባ።

በዚያ ማታ ባልየው ጠጥቶ ስለነበር ስልኩን ሳያይ ተኛ። ያየው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከማያውቀው ቁጥር አሥራ አምስት ብር ገብቷል። *804# ሲል ግን ቀሪ ሂሳቧ ሁለት ብር አይሞላም። ብሩ የት ገባ አላት። መለስሁት አለች። የመለስሽበትን መልእክት አሳይኝ አላት። አጥፍቼዋለሁ አለች።

ያን ጊዜ በራሷ ስልክ ለእኔ ደወለ።

ቁጥሩን ለየሁት። ወንድ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።

«እህቴ፣ ደህና አደርሽ?» አልሁ።

የወንድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «ደህና አድራለች» አለ። ማን እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ነገርሁት። ዓርብ የሆነውን በቅደም ተከተል አስረዳሁት፤ አንድ አሃዝ አልዘለልሁም።

«ቃል በቃል እሷ ያለችውን ነው የምትለው» አለኝ። «መቼ አጠናችሁት?»

እውነት ስለሆነ ነው አልሁት። ስልኩን ያስቀመጠው ይመስለኛል፤ ድምፁ ራቀ። የመጀመሪያውን ምት ሰማሁ። ደረቅ እንጨት ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠውን ድምፅ ለሥራ በሄድሁባቸው ቦታዎች ሰምቼዋለሁና አልተምታታብኝም። ሁለተኛው ላይ እሷ «በማርያም» አለች። ሦስተኛው ላይ ቃል አልነበረም፤ ጩኸት ብቻ ነው። ስሙን ስለማላውቅ «አንተ ሰውዬ» እያልሁ ጮህሁ። አራተኛውን ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። የጥሪው ርዝመት ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ይላል፤ ሂሳቧ እዚያ ላይ አለቀ።

መልሼ ደወልሁ። ይጠራል፤ አይነሳም። በሦስተኛው ሙከራ ስልኩ ተዘጋ። ዳንግላ ለማውቀው የፖሊስ መኮንን ደወልሁ። የሴትዮዋን ስም አላውቅም፤ ሰፈሯን አላውቅም። የነበረኝ ስልክ ቁጥሯና የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ነው። መኮንኑ ቁጥሩን ተቀብሎ ካርድ ሻጮችንና ልብስ ሰፊዎችን እንደሚያስጠይቅ ነገረኝ። እኔ ሚኒባስ ያዝሁ።

ዳንግላ ደርሼ መኮንኑ በስልክ ወደመራኝ ግቢ ስገባ አምስት ሰዓት አልፏል። ፖሊሶቹ ቤቱን አግኝተውታል፤ ያገኙት ግን በስልኩ አይደለም፤ በጎረቤት ጩኸት ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ባልየው ሁለት ፖሊሶች መካከል መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። የፈነከተው ከገጠር ለገበያ የገባው የሚስቱ ወንድም ነው። ዱላውን አሁንም ይዟል፤ ሁለት ሽማግሌዎች በአገውኛ እየለመኑ ክንዱን ይዘውታል። እሷን ሆስፒታል ወስደዋታል። በረንዳው ላይ አጠናው ተጥሏል፤ ጫፉ ላይ የተጣበቀ ፀጉር አለ።

መኮንኑን ፈልጌ፣ ብሩን የላክሁት እኔ ነኝ አልሁት። ይህን ያልሁት ጮክ ብዬ ነበር።

ወንድምየው ከሽማግሌዎቹ እጅ ወጣ። ዱላውን ሲያነሳ አይቼዋለሁ፤ ጭንቅላቴን አሸሸሁ፤ ትከሻዬ ላይ አረፈ። በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ሁለተኛው ጆሮዬን ጨረፈኝ።

«ቤቷ ድረስ መጥተህ ደግሞ!» አለ። «የእሱን ሬሳ ለእናቱ አስረክቤ አንተን እቀብርሃለሁ።»

ፖሊሱ ከኋላ አንገቱን አነቀው። ባልየው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሳቀ፤ ጥርሱ ደም ነበር። «አልነገርኋችሁም? ውሽማዋ በእግሩ መጣላችሁ» አለ ለተሰበሰበው ሰው።

ስልኬን አወጣሁ። መኮንኑ ተቀበለኝና እሱ አነበበው። ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ብር ወደ እሷ ቁጥር። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስድስት፣ አሥራ አምስት ብር በሁለት አሃዝ ብቻ ወደሚለይ ሌላ ቁጥር። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ አንድ፣ አሥራ አምስት ብር ከእሷ ቁጥር ወደ እኔ። ማስታወሻ ደብተሬንም ከኪሴ አውጥቼ የሾፌሩ ቁጥር የተጻፈበትን ገጽ አሳየሁት። መኮንኑ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ለወንድምየው ጮክ ብሎ አነበበለት። ወንድምየው ማንበብ ይችላል፤ ስልኩን ተቀብሎ ራሱ ደገመው። ከዚያ ዱላውን ጣለ።

«መልሳለች» አለ። «መልሳለችኮ።» ይህንን የተናገረው ለባልየው ነው።

ባልየው ስልኩን እንዲያይ መኮንኑ አስጠጋለት። ረጅም ጊዜ አየው። የእሷ ቁጥር እንደሆነ አልካደም፤ ብሩ መመለሱንም አልካደም።

«ካልደበቀች ለምን አጠፋችው?» አለ።

መኮንኑ በጥፊ መታው። ማንም አልገላገለም፤ እኔም አልገላገልሁም።

ከሰዓት በኋላ ትከሻዬን ሆስፒታል ታየሁ፤ አጥንት አልተጎዳም። እሷ በሚቀጥለው ክፍል ነበረች። ወንድሟ መጥቶ «ጋሼ፣ ግባና እያት፤ እሷ ናት በእጇ ጥራው ያለችኝ» አለኝ፤ ዱላውን ያነሳብኝ ሰው መሆኑን ሁለታችንም አላነሳነውም። መንጋጋዋ በፋሻ ታስሮ ስለነበር መናገር አትችልም። ክንዷ በእንጨት ተደግፏል። ፊቷ በአንድ በኩል አብጦ ዓይኗ ተደፍኗል። ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም። በቀኝ እጇ ስልኬን እንድሰጣት ምልክት ሰጠችኝ። ሰጠኋት። እሷ የላከችውን የአሥራ አምስት ብር መልእክት ፈልጋ አገኘችው፤ ስልኩን ወደ ወንድሟ አዞረችው። እሱ አይቼዋለሁ አላት። እንደገና አዞረችበት። እንደገና አነበበው።

ሽማግሌዎች ወደ ወንድሟ ሦስት ጊዜ መጥተዋል፤ ካሣ ተከፍሎ እርቅ እንዲወርድ። ወንድሟ የእሷን ቃል ነው የምሰማው አላቸው። እሷ አልታረቅም አለች። ክሱ ቀጠለ።

ፍርድ ቤት በምስክርነት የቀረብሁት ግንቦት ላይ ነው። ሦስቱን መልእክቶችና የጥሪውን ርዝመት አስመዘገብሁ። ምቶቹን ስንት ጊዜ ሰማህ ተባልሁ፤ አራት አልሁ። የተከሳሹ ጠበቃ በስልክ የሚሰማ ድምፅ ምት መሆኑን በምን አወቅህ አለኝ፤ ያወቅሁበትን ተናገርሁ። እሷ ቃሏን ቆማ ሰጠች፤ ሥራሽ ሲሏት ልብስ ሰፊ ነኝ አለች። መንጋጋዋ ድኖ ስለነበር ይሰማል፤ አንዳንድ ፊደል ግን ይሾልካል። ባልየው ጥፋተኛ ተብሎ አራት ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደበት።

ከቅጣቱ በፊት ዳኛው የሐኪሙን ማስረጃ አነበቡ። የግራ ክርኗ አጥንት ተጣሞ መግጠሙን፣ ክንዷ ከግማሽ በላይ እንደማይዘረጋና ጣቶቿ ጨርቅ ቆንጥረው መያዝ እንደማይችሉ ይገልጻል።