ከንግግሩ የተሰረዘው ወንድም

የስብሰባው መሪ ማይኩን ይዞ ሲነሣ ኑቢያ የንግግሯን ወረቀት አወጣች። «ተናጋሪ በዝቷል፤ ዐሥር ደቂቃ የተባለው አምስት ሆኗል። አምስት ሲሞላ ማይኩ ይዘጋል» አለ። ከእሷ በፊት የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ኑቢያ ዓሣ ሻጭ ናት። ወርቅ ፈላጊ ኩባንያ የወንዛቸውን ወለል በማሽን ለመዛቅ ፈቃድ ጠይቋል። ዛሬ የተሰበሰቡት እሱን ለመቃወም ነው። ዕድሜዋን በከተማው ሬዲዮ ዜና ያነበበች አክስቷ ኤርሜሊንዳ እጇን ይዛ ወደ መተላለፊያው አወጣቻት።

«በፍጥነት ላንብበው» አለች ኑቢያ።

«ተጣድፈሽ ልታነቢው? ማን ይሰማሻል! እርሳሱን አምጪ።»

መጀመሪያ ሰላምታው ተሰረዘ፤ ገዢው፣ ከንቲባው፣ ጳጳሱ፣ አንድ በአንድ ከነማዕረጋቸው ሙሉ ገጽ ይዘው ነበር።

«አክስቴ፣ ይቀየሙኛል እኮ!»

«ይቀየሙ። ‹የተከበራችሁ› ብለሽ እለፊ።»

ጉዳቶቹ ሦስት ነበሩ፤ የታመሙት ልጆች፣ የተናደው ዳርቻ፣ የጠፋው ዓሣ። አክስቷ ዓሣውን ብቻ አስቀረች። «በእጅሽ የያዝሽውን ተናገሪ። ሌላውን የሚናገሩ አሉ።»

ቀጥላ ኑቢያ ራሷ እርሳሱን ወሰደችና ስለ ወንድሟ ስለ ዊልማር የተጻፈውን ሰረዘችው። ባለፈው ዓመት ኩባንያው ያለ ፈቃድ ወንዙ ውስጥ ያስገባቸውን ማሽኖች ተቃውሞ የተናገረ ሰው ነበር። በሳምንቱ ሬሳው ከወንዙ ወጣ።

«ለምን?»

«ጊዜ ለመቆጠብ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበበችው። ዓሣው ጠፋ አለች፣ ወዲያው ፈቃዱ ይከልከል አለች። የሁለቱ ድልድይ ተቆርጧል፤ ልመናው ደረቅ ሆኖ ቀረ።

«ዊልማር ስንት መስመር ነው?» አለች አክስቷ። «አራት! ግማሽ ደቂቃም አይሞላም። ፈርተሽ ከሆነ ፈራሁ በይኝና ወደ ቤት እንሂድ። ጊዜ አጠረኝ አትበይኝ።»

ኑቢያ በበሩ ክፍተት ወደ ውስጥ አየች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የማሽኖቹ አለቃ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ተቀምጧል። ዊልማር የተናገረ ዕለትም እዚያው ነበር የተቀመጠው።

«ፈራሁ» አለች። «ነፍሴ እስክትወጣ ፈራሁ።»

አክስቷ ወረቀቱን ዘርግታ ያዘችላት። ኑቢያ አራቱን መስመሮች በወረቀቱ ዳር መልሳ ጻፈቻቸው፤ በእነሱ ምትክ ሳይንቲስቶች የተናገሩት ረጅም አንቀጽ ወጣ። የኑቢያ ስም ተጠራ።

ከዓሣው በዝግታ ጀመረች። ዊልማር ጋ ስትደርስ ቆም አለች። አክስቷ ሲሰርዙ ለዚህች ፋታ አስባ ጊዜ ትታላት ነበር። ከዚያ «ወንድሜ ይህን ወንዝ አትንኩ ብሎ ነው የሞተው። እኔም የምላችሁ ይህንኑ ነው፤ ፈቃዱን ከልክሉ» አለች። ማይኩ ገና ክፍት ነበር።

አዳራሹ አጨበጨበ። የማሽኖቹ አለቃ አላጨበጨበም፤ ባርኔጣውን አድርጎ ተነሣና ወጣ።

ኑቢያ ወንበሯ ላይ ስትወድቅ አክስቷ እጇን ጨበጠች።

«ግሩም ነበር፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «ዛሬ ግን እንደ መጣነው በጀልባ አንመለስም።»

ዓይኗ ሰውዬው ከወጣበት በር አልተነሣም።